መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ሄክሴን

የመጀመሪያው ረቂቅ አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ነበሩት። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ በፊዩም ሁድ ውስጥ ትንሽ ሄክሴን ፈሷል። ወዲያው ተጠርጓል። በሰውም በንብረትም ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ምክንያቱ የጥንቃቄ ጉድለት ነው። ለወደፊቱ ጥንቃቄ ይደረጋል።» ፊርማ፣ ቀን፣ አለቀ።

ወረቀቱ ውሸት የለበትም። ሆኖም በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ላቦራቶሪ የሚቀጠር ሰው ቢያነበው ምን ያህል እንደፈሰሰ፣ አጠገቡ ምን ይሠራ እንደነበረ፣ ለምን እንደፈሰሰ፣ በምን እንደተጠረገ ምንም አያውቅም። «ጥንቃቄ ይደረጋል» የሚለውን ደግሞ ሳያነበውም ያውቀዋል። እንዲህ ዓይነት ሪፖርት ለመጻፍም ለመፈረምም ቀላል ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምናየው ይኸው ክስተት እንደገና ሲጻፍ ምን እንደሚመስል ነው። ታሪኩን ለዚህ ጽሑፍ ያቀናበርኩት ምሳሌ ነው፤ ቁሳቁሱ፣ ስሌቱና ስህተቶቹ ግን በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው በየጊዜው የሚያገኛቸው ናቸው።

ቦታው አዲስ አበባ የሚገኝ፣ የቅባት እህሎችን የሚመረምር ላቦራቶሪ ይሁን። ከየአካባቢው የሚመጣ ኑግና ሰሊጥ ከክብደቱ ስንት እጁ ዘይት እንደሆነ ይለካል። አሠራሩ የቆየ ነው፤ ጀርመናዊው ፍራንዝ ፎን ሶክስሌት በ1879 እ.ኤ.አ. የወተትን ስብ ለመለካት ባስተዋወቀው የመስታወት ዕቃ ዛሬም ይሠራበታል። የተፈጨው እህል በወፍራም የወረቀት ከረጢት ይጨመርና ከታች የሚፈላ ፈሳሽ እየተነነ፣ ከላይ እየቀዘቀዘ፣ በእህሉ ላይ እየተንጠባጠበ ዘይቱን አጥቦ ያወርደዋል። ፈሳሹ ሶልቨንት ይባላል፤ አሟሚ እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ሄክሴን ነው። ሄክሴን ቀለም የለውም፣ ከውሃ ይቀላል፣ ዘይትን ወዲያው ያሟሟል፣ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፤ ዘመዱም የቤንዚን ነው። እንደ ቤንዚንም ይነዳል።

ለዚህ ነው ሥራው ፊዩም ሁድ ውስጥ የሚሠራው። ፊዩም ሁድ፣ ሠራተኞቹ አሳጥረው ሁድ የሚሉት፣ ፊቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መስታወት ያለው ትልቅ ሳጥን ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ማራገቢያ አየሩን ከክፍሉ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ በጀርባው ባሉ ቀዳዳዎች በኩል በቱቦ ወደ ውጭ ይስባል። መስታወቱ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲከፈት በመግቢያው ላይ ያለው የአየር ፍጥነት በሰከንድ ግማሽ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። እጅ ላይ ቀስ ያለ ነፋስ ያህል ይሰማል። ተኑ ወደ ሠራተኛው ፊት እንዳይመለስ የሚያደርገው ይህ ነፋስ ብቻ ነው፤ መስታወቱ በከፊል ክፍት እስከሆነ ድረስ ሌላ ግድግዳ የለም።

አሁን ወደ ክስተቱ። ቴክኒሺያኗ 300 ሚሊ ሊትር ሄክሴን በመለኪያ ሲሊንደር ለክታ ሾጣጣ ፍላስክ ውስጥ ጨምራ ሁዱ ውስጥ አስቀምጣለች። በዚያው ሁድ በግራ በኩል የሥራ ባልደረባዋ ሆት ፕሌት ላይ በተጣደ የውሃ ቢከር ሌላ ናሙና ያሞቃል። እሷ ከኋላ ያለውን የወረቀት ከረጢት ለማንሳት ክንዷን በጠርሙሶች መሃል ስታሳልፍ የጋዋኗ እጅጌ የፍላስኩን አንገት ነካው፤ ፍላስኩ ወደቀ። አልተሰበረም። ወዲያው አቃናችው፤ ግን ግማሹ ፈሶ ነበር። መስታወቱን እስከታች ዘጋች፣ ባልደረባዋን ከሁዱ አራቀች፣ በሩ አጠገብ ካለው ሳጥን የሆት ፕሌቱን መስመር ብሬከር አወረደች፣ ጠበቀች፣ ከዚያ የቀረውን በመምጠጫ ጨርቅ ሰብስባ በሚታሸግ ዕቃ ከተተች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

ማታውን አምስቱን ዓረፍተ ነገር ጽፋ ለላቦራቶሪው ኃላፊ ሰጠች። ኃላፊው ለብዙ ዓመት በዚህ ሥራ የቆዩ ሰው ናቸውና ፈርመው አላሳለፉትም።

«ስንት ነው የፈሰሰው?» አሉ።

«ትንሽ ነው ዶክተር፣ ማንም አልተጎዳም።»

«አልተጎዳችሁም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ የጠየቅኩሽ ስንት እንደሆነ ነው።»

«ትንሽ» ስንት ነው?

የፈሰሰውን መጠን በዓይን መገመት አይቻልም ማለት ይቻላል። ቀጭን ሆኖ የተዘረጋ ፈሳሽ ለደነገጠ ሰው ባሕር ይመስለዋል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ተኖ ሲያልቅ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ ቅናሽ ነው፤ መጀመሪያ የነበረው ተለክቷል፣ ፍላስኩ ውስጥ የቀረውን መልሶ መለካት ነው። ቴክኒሺያኗ በማግሥቱ ይህን አደረገች። ክዳን ተደርጎበት ያደረው ፍላስክ ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ቀርቶ ተገኘ። ስለዚህ የፈሰሰውም 150 ነው።

ይህ ቁጥር ከተገኘ ብዙ ነገር ከእሱ ይወጣል። ፈሳሹ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት ቢዘረጋ ከአርባ በአርባ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያነሰ ቦታ ይሸፍናል፤ ማለትም ሆት ፕሌቱ ካለበት ጥግ አጠገብ ይደርሳል። ክብደቱ 100 ግራም ገደማ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲተን፣ የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል ካለው የሳሳ ስለሆነ፣ ወደ 36 ሊትር የሚጠጋ ንጹህ የሄክሴን ተን ይሆናል። የሄክሴን ተን ከአየር ጋር ሲደባለቅ የሚቀጣጠለው ከመቶው 1.1 እስከ 7.5 ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ሲሆን ነዳጁ ያንሳል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ኦክስጅኑ ያንሳል። 36 ሊትሩ ተን በእኩል ቢበተን ከሦስት ሜትር ኩብ በላይ አየር እዚያ ዝቅተኛው ልክ ላይ ያደርሳል። አንድ መደበኛ ሁድ ውስጡ ከዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ «ትንሽ» የተባለው፣ አየሩ ባይንቀሳቀስ ኖሮ፣ ሳጥኑን በሙሉ ወደሚቀጣጠል አየር ለመቀየር ከሚበቃው በላይ ነበር።

ደግነቱ አየሩ ይንቀሳቀስ ነበር። የሁዱ መክፈቻ 1.4 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ 45 ሴንቲ ሜትር ቢከፈት፣ ፍጥነቱም ግማሽ ሜትር በሰከንድ ቢሆን በየደቂቃው 19 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር ያልፍበታል። መስታወቱ ሲዘጋም በተለመደው ዓይነት ሁድ ማራገቢያው ከላይ ባለው ማለፊያ በኩል ከዚያ የማይርቅ መጠን መሳቡን ይቀጥላል። ፈሳሹ በአራት ደቂቃ ተኖ አለቀ ብንል በዚያ ጊዜ 75 ሜትር ኩብ አየር አልፏል፤ የ36 ሊትሩ ተን ድርሻ ከመቶ 0.05 አይሞላም። ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ ልክ ከሃያ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ሁዱ ሥራውን ሠርቷል።

ብዙ ሰው ስሌቱን እዚህ አቁሞ ይደሰታል። ችግሩ ግን አማካይ ቁጥር መሆኑ ላይ ነው። ፈሳሹ ወለል ላይ፣ ልክ ከፈሳሹ በላይ ያለውን ስስ አየር ብንወስድ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት በአዲስ አበባ ከፍታ ከአምስት እጅ አንዱ የሄክሴን ተን ነው። ይህ ከላይኛው የመቀጣጠያ ልክ በእጅጉ ይበልጣል፤ ከመጠን በላይ ወፍራም ስለሆነ አይነድም። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ወጣ ሲባል ደግሞ ነፋሱ ስላሳሳው አይነድም። ነገር ግን ከአምስተኛ ወደ ምንም ሲወርድ በመሃል የግድ ከ7.5 እስከ 1.1 ባለው ደረጃ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ማራገቢያው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ፈሳሹ እዚያ እስካለ ድረስ ከላዩ የሚቀጣጠል አንድ ንጣፍ ሁልጊዜ አለ። በሁዱ ውስጥ የሚያስፈራው አጠቃላይ አየሩ አይደለም። ከፈሳሹ አጠገብ ያለው ይህ ንጣፍና እሱ ሊደርስበት የሚችል የእሳት ምንጭ ናቸው።

የእሳት ምንጩ ደግሞ እዚያው ነበር።

ጠቅ የሚለው ድምፅ

ሄክሴን እሳት እስኪያገኝ ድረስ መሞቅ አያስፈልገውም፤ ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ላይ እንኳ ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን ይሰጣል። ክፍል ውስጥ ባለ ሙቀት ሁሌም ዝግጁ ነው። ያለ ብልጭታ በሙቀት ብቻ ራሱን የሚያቀጣጥለው ግን ወደ 225 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ብዙ ሆት ፕሌቶች ፊታቸው ከ300 ዲግሪ በላይ መድረስ ይችላሉ። የባልደረባዋ ሆት ፕሌት ውሃ ብቻ ያሞቅ ስለነበር እዚያ ደርሶ ነበር ማለት አይቻልም፤ ስንት እንደነበረ ግን ማንም አልለካም። ሁለተኛው ሪፖርት ይህንን በግልጽ ጻፈው፤ «የሆት ፕሌቱ ፊት ሙቀት አልታወቀም» አለ። ሳይለኩ 150 ነበር ብሎ ከመጻፍ ይህ ይሻላል።

ከሙቀቱ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቀላል ሆት ፕሌት ሙቀቱን የሚጠብቀው ውስጡ ባለ ቴርሞስታት ነው፤ ሲሞቅ ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ያበራል። ባጠፋና ባበራ ቁጥር የብረት መገናኛዎቹ ተለያይተው ሲገናኙ ትንሽ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ጠቅ የሚለው ድምፅ የዚያ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ሲዞርም እንዲሁ። እንግዲህ ሄክሴን ሲፈስ አብዛኛው ሰው በደመ ነፍስ የሚያደርገው፣ ማለትም እጁን ሰዶ ሆት ፕሌቱን ማጥፋት፣ ብልጭታውን በገዛ እጅ ተኑ መሃል እንደመፍጠር ነው። ሶኬቱን መንቀልም ከዚህ የተለየ አይደለም፣ ሶኬቱ ከሁዱ ውጭና ራቅ ያለ ካልሆነ በቀር።

ቴክኒሺያኗ ይህን ታውቅ ነበር። እጇን አልሰደደችም፤ ወደ በሩ ሄዳ ብሬከሩን አወረደች። በመጀመሪያው ሪፖርት ግን ይህ የለም። ኃላፊው ሲጠይቋት መጀመሪያ ያወጣችው ነገር «ብሬከሩን አወረድኩ» የሚል ነበር። ቀጥለው «ወዲያው?» ሲሏት ዝም አለች። ከዚያ እውነቱን ተናገረች። ሳጥኑ ውስጥ ስምንት ብሬከሮች አሉ፤ አንዱም ላይ የቱ የምን እንደሆነ አልተጻፈም። የሆት ፕሌቱ የትኛው እንደሆነ በልምድ ታስታውሳለች፤ ግን የሁዱ ማራገቢያ በዚያው መስመር ላይ መሆን አለመሆኑን እርግጠኛ አልነበረችም። ብታወርደው ማራገቢያውም ቢቆምስ? አንድ ደቂቃ ያህል እዚያ ቆማ አመነታች። የሆት ፕሌቱ ቴርሞስታት በዚህ መሃል ጠቅ ሲል ሰማችው።

ምንም አልሆነም። ንጣፉ እዚያ አልደረሰም ነበር፣ ወይም ነፋሱ ወደ ኋላ እየወሰደው ነበር፣ ወይም የቴርሞስታቱ ሳጥን በቂ ዝግ ነበር። የቱ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ነገር ግን ከጠቅላላው ክስተት ለሌላ ሰው የሚጠቅመው አንድ ነገር ቢኖር ይህች ደቂቃ ናት። ፈሳሹ፣ ፍላስኩ፣ ጨርቁ በየትኛውም ላቦራቶሪ ይገኛሉ፤ ጽሑፍ የሌለው የብሬከር ሳጥን ግን የዚህ ክፍል ነው፣ ነገም እዚያው ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ የተወው በትክክል ይህንን ነበር፤ ማመንታት እንደ ድክመት ስለሚታይ ሰው ከሪፖርቱ ቀድሞ የሚያወጣው እሱን ነው።

የፈራችው ነገርም ከንቱ አልነበረም። የሄክሴን ተን ከአየር ሦስት እጥፍ ይከብዳል። ማራገቢያው ቢቆም ተኑ እንደ ጭስ ወደ ላይ ሳይሆን እንደ ውሃ ወደ ታች፣ በሁዱ ደፍ ላይ አልፎ ወደ ወለሉ ይወርድ ነበር፤ ወለሉ ላይ ደግሞ የማቀዝቀዣው ሞተርና የኤክስቴንሽን ገመዱ አሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ የሩቅ ሐሳብ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሳ ባሉት ሰከንዶች ሁድ ተራ ሳጥን ነው፤ ጀነሬተሩ ከተነሳ በኋላም ማራገቢያው በራሱ ይነሳል ወይስ ሰው ማብራት አለበት የሚለው እንደየአገጣጠሙ ይለያያል። ሁለተኛው ሪፖርት ስለዚህ አንድ መስመር ጨመረ፦ «በክስተቱ ጊዜ መብራት አልጠፋም፤ የአየር ፍሰት መቆጣጠሪያው ማስጠንቀቂያ አላሰማም።» እንዲህ ያለ «ያልሆነ» ነገር መጻፍ ለብዙ ሰው ትርፍ ይመስለዋል። ግን ከዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ሁዱ በዚያ ቀን ሠርቶ እንደነበረ የሚያውቀው በዚህ መስመር ብቻ ነው።

የትኛው ጓንት፣ የትኛው ሰዓት

የሪፖርቱ ቅጽ «የደህንነት መጠበቂያ ለብሰው ነበር?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «አዎ» ነው። ይህ መልስ አይበቃም። ጓንት ሁሉ አንድ አይደለም። ሰማያዊው የናይትራይል ጓንት ሄክሴንን ደህና አድርጎ ይቋቋማል፤ አሴቶንን ግን ለጥቂት ጊዜ እንኳ አይችልም። የሐኪም ቤቱ ዓይነት የላቴክስ ጓንት ደግሞ በሄክሴን አብጦ ይላላል። ቴክኒሺያኗ ናይትራይል አድርጋ ስለነበር ለመጥረግ መጠቀሟ ትክክል ነበር፤ ቢሆንም እርጥብ ጨርቅ ከነካች በኋላ አውልቃ ጥላ አዲስ አደረገች፤ ቀጫጭን የሚጣሉ ጓንቶች ለጠብታ እንጂ ለመነከር የተሠሩ አይደሉምና።

የጓንት ዓይነት ለምን ይጻፋል ለሚል ሰው የካረን ዌተርሃንን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በአሜሪካ የዳርትማውዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። በነሐሴ 1996 እ.ኤ.አ. ፊዩም ሁድ ውስጥ ሲሠሩ ጥቂት ጠብታ ዳይሜትል ሜርኩሪ የላቴክስ ጓንታቸው ላይ ጠበጠበ። ሁድ ነበር፣ ጓንት ነበር፣ የፈሰሰውም ከጠብታ አይበልጥም፤ በጊዜው በነበረው ዕውቀት ስህተት የሚባል ነገር አልሠሩም። ሕመሙ የታየው ከወራት በኋላ ነው፤ በሰኔ 1997 እ.ኤ.አ. አረፉ። በኋላ ጓንቱ ሲፈተሽ ያ ፈሳሽ ላቴክሱን በሰከንዶች ውስጥ ዘልቆ እንደሚያልፍ ታወቀ። ሄክሴን እንደዚያ ያለ መርዝ አይደለም፤ አደጋው ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲተነፈስ የእጅና የእግር ነርቭን መጉዳቱ ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ራስ ምታት ወይም ማዞር ነበረ አልነበረም ብሎ ይጽፋል፤ ፍላስኩ ሲወድቅ ጭንቅላቷ ከመስታወቱ ውጭ እንደነበረም ይጽፋል። ሽታ አልሸተተኝም ማለት ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር አለ፤ እኛ አገር የሚያጋጥም ጣጣ ነው። ቴክኒሺያኗ «9፡20 ላይ ፈሰሰ» ብላ ጻፈች። የአየር ፍሰት መቆጣጠሪያው ማስታወሻ ግን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 15፡20 ይላል። ቀኑም እንዲሁ፣ መሣሪያው በአውሮፓ፣ ሠራተኛዋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። በሳምንቱ ሁሉም ያስታውሰዋል፤ በዓመቱ ግን አንድ ሰው ሁለቱን ለማስታረቅ ሲሞክር 9፡20ን ጠዋት አድርጎ ያነበዋል። ሁለተኛው ሪፖርት ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጠ፣ ከዚያም ወደ ብሬከሩ የሄደችበትን፣ ያወረደችበትን፣ መስታወቱን እንደገና የከፈተችበትን ጊዜ በቅደም ተከተል ዘረዘረ። የሆት ፕሌቱ ፊት እስኪቀዘቅዝ አሥር ደቂቃ ያህል መስታወቱን ዘግታ መጠበቋም ተጻፈ። አንዳንዱ ወዲያው በመምጠጫ መሸፈን ይሻላል ይላል፤ የጋለ ነገር አጠገብ ባይኖር እኔም እንደዚያው እላለሁ። እዚህ ግን ክንድን ወደ ውስጥ ከመስደድ ሁዱ ራሱ እንዲስበው መተው ትክክለኛው ምርጫ ነበር። የተሰበሰበው ጨርቅም ክዳን ባለው ዕቃ ታሽጎ፣ ስምና ቀን ተለጥፎበት ወደ ኬሚካል ቆሻሻ ሄደ፤ ወደ ተራው የቆሻሻ ቅርጫት ቢጣል ኖሮ ክፍሉ ውስጥ ሌሊቱን ሲተን ያድር ነበር። በሁዱ ውስጥ ያለችው ትንሿ የውሃ መውረጃ ደረቅ መሆኗም ታይቷል፤ ሄክሴን ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ በቧንቧ ከገባ ሌላ ክፍል ሊወጣ ይችላል።

«የጥንቃቄ ጉድለት»

የቀረው ከባዱ ሣጥን ነው፤ ምክንያት። «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ቃል እጅጌውን እንጂ ፍላስኩን አይገልጽም። ፍላስኩ ለምን ክንድ በሚያልፍበት ቦታ ነበር? ሌላ ቦታ ስላልነበረ። ለምን? ሁዱ ውስጥ አሥራ አንድ ጠርሙሶች ቆመው ነበር፤ ሦስቱ ብቻ የዚያን ቀን ሥራ ናቸው። ሌሎቹ ለምን እዚያ ሆኑ? ለሚቀጣጠሉ ፈሳሾች የተሠራው የብረት ቁምሣጥን ቁልፍ በዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው እጅ ነው፤ እሳቸው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ የጨረሰ ሰው ጠርሙሱን የሚያሳድርበት የቀረ ቦታ ሁዱ ነው። ማንም ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ጠርሙስ ሁድ ውስጥ ሲያድር ቢያንስ አየር ይስበዋል ብሎ ስለሚያስብ ነው። ጠርሙሶቹ ግን ሌላም ጉዳት ያደርሳሉ፤ ከኋላ ያሉትን የመሳቢያ ቀዳዳዎች ይጋርዳሉ፣ ነፋሱም በዙሪያቸው እየተጠማዘዘ ተኑን ወደ ፊት ሊመልሰው ይችላል። እሳት ቢነሳ ደግሞ ነዳጁ ከ150 ሚሊ ሊትር ወደ ብዙ ሊትር ያድጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሆት ፕሌቱ ነው። ሄክሴን ክፍት በሚገለበጥበት ሁድ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጥ ዕቃ ለምን ተሰካ? መልሱ አጭር ነው፤ ሁለት ሥራ፣ አንድ ሁድ። ይህን ቴክኒሺያኗ ልትፈታው አትችልም፤ ግን ልትጽፈው ትችላለች። «ጥንቃቄ ጎደለኝ» ብላ ብትተወው ኖሮ ሁሉም ነገር በእሷ እጅጌ ላይ ይቀር፣ ቁልፉም፣ የሥራ ፕሮግራሙም፣ የብሬከሩ ሳጥንም እንዳሉ ይቀመጡ ነበር።

ያለ ጉዳት ያለፈ ነገር ሳይጻፍ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የታወቀ ምርመራ አለ። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በሚፈነዳ ውህድ ላይ ሲሠራ ሦስት ጣቶቹን አጣ፤ ዓይኑም ተጎዳ። በቤተ ሙከራው ከ100 ሚሊ ግራም በላይ እንዳይሠራ በቃል የተነገረ ገደብ ነበረ፤ የተሠራው ግን ወደ 10 ግራም ነበር። የአገሪቱ የኬሚካል አደጋ መርማሪ ቦርድ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ካነሳቸው ነገሮች አንዱ፣ ከዚያ በፊት በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራዎች የደረሱ ትምህርት ሊሰጡ የሚችሉ ክስተቶች ሁልጊዜ እንዳልተመዘገቡ፣ ክትትል እንዳልተደረገባቸውና ለሌሎች በሥርዓት እንዳልተነገሩ ነው። ገደቡ በቃል ነበር፤ ያለፉት ክስተቶችም በሰዎች ትዝታ ብቻ ቀሩ። ተማሪ ደግሞ ይመረቃል፣ ቴክኒሺያን ሥራ ይለውጣል።

የእኛው ሪፖርት በመጨረሻ ሁለት ገጽ ሞላ። ኃላፊው ሲያነቡት «ደቂቃዋን ጽፈሻታል፣ ጎበዝ» ብለው ፈረሙ፤ ከዚያ ታች ያለውን ሠንጠረዥ አብረው ሞሉ። ሦስት ሥራ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ኃላፊና አንድ ቀን። የብሬከር ሳጥኑ ላይ ጽሑፍ መለጠፍ፣ የሁዱ ማራገቢያ በየትኛው መስመር እንዳለ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማረጋገጥን ጨምሮ፤ በአንድ ሳምንት። ሄክሴን በሚሠራበት ሰዓት ቴርሞስታቱ ክፍት የሆነ ሆት ፕሌት ሁዱ ውስጥ እንዳይሰካ የሥራ ፕሮግራሙን መከፋፈል፤ ወዲያው። የቁምሣጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ በተራ ለሚያመሽ ሰው መስጠት፤ በአንድ ወር።

«ሠራተኞች ይመከራሉ» የሚል መስመር በሠንጠረዡ የለም፤ ኃላፊው ሰርዘውታል። በወሩ ሲታይ የመጀመሪያው ተሠርቷል፤ ማራገቢያው በሌላ መስመር ላይ ሆኖ ተገኘ፣ ማለትም ብሬከሩን ወዲያው ማውረድ ይቻል ነበር። ሁለተኛውም እየተሠራበት ነው። ሦስተኛው አልሆነም፤ የግምጃ ቤት ደንቡ ሁለተኛ ቁልፍ አይፈቅድም፣ ደንቡን ለማሻሻል ደግሞ የአስተዳደር ውሳኔ ያስፈልጋል። ቴክኒሺያኗ ፋይሉን «ተዘግቷል» ብላ አልመለሰችውም። ከሦስተኛው መስመር ጎን «ክፍት፤ ለአስተዳደር በደብዳቤ ተጠይቋል» ብላ ጽፋ የደብዳቤውን ቁጥር አስቀመጠች፤ ከታች ደግሞ እስከዚያው ድረስ ከ10 ሰዓት በኋላ ሄክሴን እንደማይከፈት ጨመረች።